በተደጋጋሚ ለሚቀር ሠራተኛ የሚጻፍ የስንብት ደብዳቤ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግሩ የሚታየው ረቂቁ ከቀኖች ይልቅ ጠባይ ሲቆጥር ነው። ለምሳሌ፦ «ኃላፊነት የማይሰማዎት በመሆንዎ፣ በሐሰት ታምሜያለሁ እያሉ ዘወትር ስለሚቀሩ ተሰናብተዋል።»

መንስኤው ጸሐፊው ያየውንና የገመተውን መቀላቀሉ ነው። መቅረቱን መዝገቡ ያሳያል፤ ለምን እንደቀረ ግን አያሳይም። «በሐሰት» የሚለው ቃል ሰውየውን ዋሾ ይላል፤ ይህን ለማስረዳት አለመታመሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከአሠሪ እጅ የለም። «ዘወትር» የሚለውም አንድ ወር ሙሉ የተፈረመበት ወረቀት ሲቀርብ ይፈርሳል።

መፍትሄው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ለዚህ የትኛውን ወረቀት አሳያለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወረቀት የሌለው ይሰረዛል። ከላይ ያለው ረቂቅ ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«ጥቅምት 5፣ 6 እና 19 እንዲሁም ኅዳር 3 እና 4 ቀን በሥራ ገበታዎ አልተገኙም። ለእነዚህ 5 ቀናት የፈቃድ ጥያቄም ሆነ የሐኪም ማስረጃ አልደረሰንም። ጥቅምት 8 እና 22 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፈርመው ተቀብለዋል። ኅዳር 6 ምክንያትዎን ሲጠየቁ ታምመው እንደነበር ገልጸዋል፤ ማስረጃ እንዲያቀርቡ እስከ ኅዳር 11 ጊዜ ቢሰጥዎትም አላቀረቡም። ስለዚህ የሥራ ውልዎ ከኅዳር 13 ጀምሮ ተቋርጧል።»

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንብቱ የተመሠረተበት የሕግ ወይም የውስጥ ደንብ አንቀጽ ይገባል። «አልደረሰንም» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ «አላሳወቁም» ካልን ለአለቃቸው ደውለው ከሆነ ሐሰት ጻፍን ማለት ነው። ሰውየው የሰጡት ምክንያትም እንዳለ ይጻፋል፣ አይፈረድበትም።

ቀኖቹ ራሳቸው የሚሳሳቱበት ጊዜም አለ። ከላይ ባለው ጉዳይ የመጀመሪያው ዝርዝር 6 ቀን ነበር። ከፈቃድ ማህደሩ ጋር ሲመሳከር ጥቅምት 26 በተፈቀደ ፈቃድ ላይ የነበሩበት ቀን ሆኖ ወጣ። አንዲት የተሳሳተች ቀን የቀሩትን አምስቱንም ታስጠረጥራለች። ፊርማ የሌለበት ቀንም ሁሉ የቀሩበት ቀን አይደለም፤ ሥራ ላይ ውለው ሳይፈርሙ ሄደው ይሆናል፣ ስለዚህ የዕለቱን የቅርብ ኃላፊ መጠየቅ ያሻል።

ሌላው ምልክት ከደብዳቤው ግርጌ ያለው የግልባጭ ዝርዝር ነው፤ አንዳንዴ ከደብዳቤው ይረዝማል። የስም ማጥፋት ክስ የሚነሣው ቃሉ ለሌላ ሰው ሲደርስ ነውና፣ ግልባጩ ለግል ማህደሩና ደመወዝ ለሚዘጋው ክፍል ብቻ ይሁን። በማስታወቂያ ሰሌዳ አይለጠፍ። ባልደረቦች ማወቅ ካለባቸው «ከኅዳር 13 ጀምሮ በድርጅቱ ውስጥ አይሠሩም» ማለት ይበቃል፤ ምክንያት አይጨመርም።

የቃላት እርማት የማያድነው ደብዳቤም አለ። የቀሩት ቀናት ሕጉ ለስንብት ከሚጠይቀው ቁጥር ካነሱ፣ ወይም ማስጠንቀቂያው መሰጠቱን የሚያሳይ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤው አይወጣም።