ሌሲቲን፣ ግሉተን፣ አጓት፦ አለርጂ ያለበት ሰው ማሸጊያ ሲያነብ የሚሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ እንቁላል አይስማማውም። አንድ ቀን እህቴ ከውጭ የመጣ የቸኮሌት ብስኩት ይዛ መጣችና «ይቺን ቃል እያት እስቲ» አለችኝ። ጣቷ ሌሲቲን የሚለው ቃል ላይ ነበር። የሆነ ሰው «ከእንቁላል ነው የሚሠራው» ብሏት ተጨንቃለች። ሁለታችንም ያቺን አንድ ቃል ይዘን ብዙ ተነጋገርን። የጽሑፉን የመጨረሻ መስመር ግን አላነበብንም ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለልጁ የሚገዛውን ሁሉ አብረን እናነባለን። እኛም የተሳሳትናቸው፣ ሌሎችም ሲሳሳቱ የማያቸው እነዚህ ናቸው።

ቃሉን ፈርቶ ምንጩን አለመጠየቅ

ሌሲቲን የአንድ ምግብ ስም አይደለም። ዘይትና ውሃ እንዳይለያዩ አስማምቶ የሚይዝ የቅባት ዓይነት ነው። ቸኮሌት ውስጥ ሲጨመር ደግሞ የቀለጠው ቸኮሌት ሳይወፍር በቀላሉ እንዲፈስ ያደርጋል። ስሙ የመጣው የእንቁላል አስኳል ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ስለዚህ ለእህቴ የነገራት ሰው ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ዛሬ ግን ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ከአኩሪ አተር የሚወጣውን ነው። ከሱፍ አበባና ከጎመን ዘርም ይወጣል። ከእንቁላል የሚወጣውም አልቀረም።

ስለዚህ «ሌሲቲን አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የትም አያደርስም። «ከምን የወጣ ሌሲቲን ነው?» ነው መባል ያለበት። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ከቃሉ አጠገብ አለ። «ሌሲቲን (ሶያ)» ከተባለ ከአኩሪ አተር ነው። በእህቴ ብስኩት ላይም የተጻፈው ይኸው ነበር። ለልጁ በሌሲቲኑ በኩል ስጋት የለም ማለት ነው። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ ቃሉ ጭራሽ አይኖርም፤ ኢ322 የሚል ቁጥር ብቻ ታያላችሁ። ያው ሌሲቲን ነው።

ምንጩ ሳይጻፍ ባዶውን «ሌሲቲን» ሲባልስ? እዚህ ላይ ምርቱ ለየትኛው ገበያ እንደተዘጋጀ ማየት ይጠቅማል። በአውሮፓ ኅብረትም ሆነ በአሜሪካ ሕግ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከእንቁላል የወጣ ከሆነ ምንጩ መነገር አለበት። የሱፍ አበባ ግን በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ሳይጠቀስ ሊታለፍ ይችላል። ለእነዚህ ገበያዎች በተዘጋጀ ምርት ላይ ባዶውን የተጻፈ ሌሲቲን፣ ሕጉ ከተከበረ፣ ከአኩሪ አተርም ከእንቁላልም አይደለም። ለሌላ አገር የተዘጋጀ ከሆነ ግን ይህን ግምት አትውሰዱ። ምንጩ ካልታወቀ እኔ አልገዛም።

አኩሪ አተር ለማይስማማው ሰው ነገሩ ትንሽ ይለያል። አለርጂን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ነው፤ ሌሲቲን ደግሞ ቅባት ነው። ውስጡ የሚቀረው የአኩሪ አተር ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ አኩሪ አተር የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች ሌሲቲኑን በልተው ምንም አይሆኑም። ሁሉም ግን አይደሉም። የእናንተ ሰውነት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከአለርጂ ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ እወቁት። «እስቲ ትንሽ ልቅመስ» ብላችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ግሉተንና ስንዴን አንድ ማድረግ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚምታታበት ይህ ነው። ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ሊጡን እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ስንዴ ውስጥ ግን ከግሉተን ሌላም ፕሮቲን አለ። የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው ከእነዚህ ለማንኛውም ሊቆጣ ይችላል። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ችግሩ ከግሉተን ጋር ነው። ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ሁለቱ ሰዎች ማሸጊያ ላይ የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም።

ስህተቱ በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። መጀመሪያ የስንዴ አለርጂ ያለበትን እንይ። «ከግሉተን ነፃ» የሚል ዳቦ አይቶ ደስ ይለዋል። ያ ጽሑፍ ግን ከግሉተን ነፃ አለ እንጂ ከስንዴ ነፃ አላለም። ግሉተኑ ታጥቦ የወጣለት የስንዴ ስታርች የሚባል ነገር አለ። ከግሉተን ነፃ የሆነ ዳቦ ይበልጥ እንዲለሰልስ አንዳንድ አምራቾች ይጨምሩታል። በአሜሪካም በአውሮፓም ከግሉተን ነፃ ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ ስታርቹ ይህን ሊያሟላ ይችላል። ለሴሊያክ ታማሚ የተፈቀደ ነው፤ ለስንዴ አለርጂ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ የፊቱን ጽሑፍ አይታችሁ አትቁሙ። ማሸጊያውን ገልብጡና የግብዓት ዝርዝሩ ውስጥ «የስንዴ ስታርች» የሚል መኖሩን ፈልጉ።

አሁን ደግሞ ወደ ሴሊያክ ታማሚው እንምጣ። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ የበቆሎ ቁርስ አነሳ እንበል። ከግብዓቶቹ በታች «ይህ ምግብ የያዘው» የሚል መስመር ይፈልጋል። ስንዴ አልተጠቀሰም። ወደ ቅርጫቱ ያስገባዋል። ዝርዝሩ መሐል ግን «የብቅል ማጣፈጫ» የሚል ነበር። ብቅል ደግሞ ሌላ እህል ካልተጠቀሰ ገብስ ነው፤ ገብስ ግሉተን አለው። የአሜሪካ ሕግ በግድ እንዲነገሩ ያዘዛቸው ዘጠኝ አለርጂ አምጪዎች ናቸው፤ ስንዴ አለበት፣ ገብስ ግን የለበትም። በአውሮፓ ዝርዝር ውስጥ ገብስና ራይም አሉ። ሴሊያክ ያለበት ሰው «ስንዴ የለም» በሚል መስመር ሊረጋጋ አይገባም። ብቅልና ገብስ የሚሉትን ቃላት ራሱ ፈልጎ ማጣት አለበት።

ስንዴ በስሙ ሳይጠራ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሴሞሊና፣ ዱረም፣ ስፔልት፣ ቡልጉር፣ ኩስኩስ፣ ሴይታን ካያችሁ ስንዴ ነው። በተቃራኒው ግሉታሜት የሚባለው ማጣፈጫ ከግሉተን ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደለም።

«ላክቶስ የለውም» ሲባል ወተት የለውም ብሎ መረዳት

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። የወተት አለርጂን የሚቀሰቅሰው ግን የወተት ፕሮቲን ነው። ላክቶሱ ቢወጣም ፕሮቲኑ እዚያው አለ። ሆዱ በላክቶስ ለሚነፋ ሰው የተዘጋጀ ወተት፣ ወተት አለርጂ ለሆነበት ልጅ ከመደበኛው ወተት አይሻልም።

የወተት ፕሮቲን በሁለት ስም ይመጣል። አንዱ ኬዚን ነው። ወተት ሲረጋ የሚጠጥረው ክፍል ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ከወተቱ ፕሮቲን አምስት እጁ ቢከፈል አራቱን ይይዛል። ማሸጊያ ላይ ሶዲየም ኬዚኔት ተብሎም ይጻፋል። ሁለተኛው ዌይ ነው። ዌይ እንግዳ ቃል ይመስላል እንጂ በአማርኛችን አጓት የምንለው ነው። ደርቆ ዱቄት ሆኖ ብስኩት፣ ቺፕስና ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የቡና ማንጪያ ዱቄት ላይ «የወተት ተዋጽኦ ያልሆነ» ተብሎ ተጽፎ ዝርዝሩ ውስጥ ኬዚኔት የሚገኝበት ጊዜም አለ። የፊቱን ጽሑፍ አትመኑት የምለው ለዚህ ነው።

የካካዎ ቅቤ ግን ቅቤ ይባል እንጂ ከወተት አይደለም። ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ቅባት ነው።

የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ ማንበብ

ከውጭ የገባ ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል። ያ ትርጉም ነው። ሲተረጎም አንድ ቃል ሊዘለል ወይም ሊዛባ ይችላል። የራሳችንን «ለውዝ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አንዱ ኦቾሎኒ ማለቱ ነው፣ ሌላው አልመንድ ማለቱ ነው። ለአለርጂ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፣ ሌላው የዛፍ ፍሬ። ቢቻል ወረቀቱን ከሥሩ ካለው ከዋናው ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። በአውሮፓ ሕግ አለርጂ አምጪዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው መታየት ስላለባቸው፣ ቋንቋውን ባታውቁትም እንኳ ደመቅ ብለው የተጻፉት ቃላት ስንት እንደሆኑ መቁጠር ትችላላችሁ። ዋናው ላይ አራት ደማቅ ቃላት ኖረው ትርጉሙ ላይ ሦስት ምግብ ብቻ ከተጠቀሰ፣ የቀረው ምን እንደሆነ እስክታውቁ ዕቃውን መልሱት።

የመጨረሻዋን መስመር አለማንበብ

አሁን ወደ ብስኩቱ። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ካካዎ፣ የአጓት ዱቄት፣ ሌሲቲን (ሶያ)፣ ጨውና ማጣፈጫ ይላል። እንቁላል የለም። እኔና እህቴም «ተመስገን» ብለን ልንዘጋው ነበር። ከዝርዝሩ በታች፣ ማሸጊያው የታጠፈበት ቦታ ላይ፣ በጣም በትንሽ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «እንቁላል ሊኖረው ይችላል» ይላል።

ይህ ማለት እንቁላል በምግቡ ሥሪት ውስጥ አልገባም፣ ግን በዚያው ፋብሪካ ወይም በዚያው ማሽን እንቁላል ያለበት ነገር ስለሚሠራ ሳይታሰብ ሊነካካ ይችላል ማለት ነው። ምን ያህል እንደሆነ ጽሑፉ አይነግራችሁም። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይህን ማስጠንቀቂያ መጻፍ በአሜሪካም በአውሮፓም በአምራቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ካለ አትናቁት፤ ከሌለ ደግሞ ንክኪ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። አለርጂው ከባድ የሆነበት ሰው ለአምራቹ ጽፎ «በዚያው መስመር እንቁላል ያለበት ነገር ትሠራላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

በሌሲቲን ስንጨነቅ የቆየንበትን ብስኩት ያስቀረነው በዚያች በታጠፈችው መስመር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ብስኩት ከሌላ አገር በመጣ ማሸጊያ አየሁት። ሥዕሉም ስሙም አንድ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን በዚህኛው የእንቁላል ዱቄት በቀጥታ ገብቷል። እህቴ አሁን ደጋግማ የምትገዛውን ዕቃ እንኳ፣ ከመክፈሏ በፊት እጥፋቱን ገልጣ ታያለች።