ታህቱ ላይ ሁለት ስኩዌር ሩት ሲደመሩ

ቅዳሜ ዕለት ደሴ፣ እህቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጇ 6/(√5+√2) ላይ ተቀርቅራ አገኘኋት። ታህቱን ከሩት ለማጽዳት ብላ ላዕሉንም ታህቱንም በዚያው በ√5+√2 አባዝታለች። ታህቱ 7+2√10 ሆነ፤ ሩቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልወጣም።

ማባዛት ያለባችሁ ምልክቱን ገልብጣችሁ በ√5−√2 ነው። √10 አንዴ በመደመር፣ አንዴ በመቀነስ ይመጣና ይጣፋል። ታህቱ ላይ 5−2፣ ማለትም 3 ብቻ ይቀራል። ላዕሉ 6(√5−√2) ነው። እዚህ ላይ ቅንፉን ለመበተን አትቸኩሉ፤ እሷም ቸኩላ ነበር። 6ን ለ3 ብታካፍሉት መልሱ 2(√5−√2) ይሆናል።

ትልቁን ሩት ማስቀደም ይሻላል። √2−√5 ብትጽፉ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ታህቱ −3 ይሆንና የመቀነስ ምልክቱን ይዞ መዞር ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለውም እዚያ ነው።

ከተጠራጠራችሁ ጥያቄውንም መልሱንም በካልኩሌተር አስሉ። ሁለቱም 1.64 ገደማ ይሰጣሉ። ካልተገናኙ መጀመሪያ ምልክቶቹን ፈትሹ።