ለአዳር ተረኛ ነርስ ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ አዳር የሠራች ነርስ ጠዋት ቤቷ ስትደርስ ሙቀቱ ተነስቷል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፋን ከፍታ ሁለት ሦስት ሰዓት ብትተኛ ነው፤ ማታ ደግሞ ትመለሳለች። የምንላት ቃል ይህን ካላወቀ ይጎዳታል።

የመጀመሪያው ስህተት «በርቺ» ማለት ነው። በክፋት አይባልም፤ እኔም ለዓመታት ብያለሁ። የደከመ ሰው ጆሮ ውስጥ ግን «ገና ይቀርሻል» ሆኖ ይገባል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ንቃትም አብሮ ይወርዳል። በፈቃድ የሚመለስ ነገር አይደለም። «ሰዓቱ ከባድ ነው፣ መድከምሽ ልክ ነው» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ይብሳል፦ «አንቺ እኮ ብረት ነሽ!» እንዲህ ያልኳት ባልደረባዬ በዚያው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ስትቀዳ ነበር። የታዘዘው 10 ዩኒት ነው። የኢንሱሊን መርፌ አልቆ በተራ ሲሪንጅ ነበር የምትቀዳው፤ ይህ ራሱ መሆን ያልነበረበት ነገር ነው። ብልቃጡ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስለሚይዝ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እሷ 1 ሚሊ ሊትር ሞልታለች፤ አሥር እጥፍ። ትእዛዙን ጮክ ብለን አብረን ስናነብ ተያዘ።

«ከማታ ጀምሮ ዓይኔ ብዥ ይልብኝ ነበር፤ ብረት ነሽ ስትዪኝ መናገር አፈርኩ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስንቀዳ የምንባባለው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው። አባባሉ ጉልበት አይጠይቅም፤ ዝግ ማለትን ይፈቅዳል። አንዷ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ካርዱን ታነባለች፣ መጠኑን ሁለታችንም ዓይተን ነው የሚሰጠው።

ሦስተኛው ስህተት ተረቱን ብሎ መሄድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ሰው ጥቂት ሎሚ ይቀበል። «አቦ፣ ሃያ ደቂቃ ጋደም በዪ፤ አራተኛና አምስተኛ አልጋን እኔ አያለሁ» ስትባል አልጋውና ደቂቃው ስለተነገራት ታምናለች። ስትቀሰቅሷትም «ቶሎ በዪ» አትበሏት፤ ከእንቅልፍ የተነሳ አእምሮ ለጥቂት ጊዜ ይደነግዛል። ፊቷን ትታጠብ፣ ትንሽ ትራመድ፣ መርፌ ቆይታ ትይዛለች።

አስታማሚዎችንም አንርሳ። እናቷ አልጋ ሥር ወለል ላይ ለሦስተኛ ሌሊት ያደረችን ልጅ «እናትሽ አይደለች? ቻይው» ይሏታል። ልጅቷ ዓይኗን የማትከድነው ትኩሳቱ ሲነሳ እንዳያመልጣት ፈርታ ነው። «በየሰዓቱ እለካለሁ፣ ከጨመረ እኔው እቀሰቅስሻለሁ» ሲሏት ነጠላዋን ትከናነብና ትተኛለች።