«በተደጋጋሚ አርፍደዋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለምን ይወድቃል? ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነኝ። የሚያረፍድ መምህር ሲኖር ደብዳቤው የሚጻፈው እኔ ጋ ነው። የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ረቂቅም አንዳንዴ እኔ ጋ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ከተበላሸ በኋላ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃልና እሱን አልፈዋለሁ።

ምልክት፦ መምህሩ ደብዳቤውን አንብቦ «መቼ ነው ያረፈድኩት?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም

ከአሥር ደብዳቤ ሰባት ስምንቱ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መንስኤው «በተደጋጋሚ» የምትለው ቃል ናት። «በተደጋጋሚ የሥራ ሰዓት ባለማክበርዎ፣ በተለያዩ ጊዜያትም በቃል ተመክረው ሊያሻሽሉ ባለመቻልዎ…» እየተባለ ይጻፋል። ስንት ጊዜ? የትኛው ቀን? ስንት ሰዓት ላይ ገባ? ማን መከረው? አንዱም የለም። ብዙውን ጊዜ ከዓምና ፋይል ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ ነው። አንዴማ ስሙም ሳይቀየር ለሌላ ሰው የደረሰ አይቻለሁ። የሰው እንጀራ የሚነካ ወረቀት እንዲህ በግዴለሽነት ሲጻፍ በጣም ያናድደኛል።

ቀን ለምን ያን ያህል አስፈለገ? የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 27 እንደሚለው፣ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው 8 ጊዜ የሥራ ሰዓት ካላከበረና አሳማኝ ምክንያት ከሌለው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ማርፈድ የሚቆጠር ነገር ነው። የሚቆጠር ነገር ደግሞ ቀን ይፈልጋል። «በተደጋጋሚ» ሦስት ይሁን አሥራ ሦስት አይታወቅም። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ትምህርት ቤቱ የሚያሳየው ነገር የለውም።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ላሳያችሁ። በ2017 የኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ ነው። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን «በተደጋጋሚ ያረፍዳል» ተባለና ጸሐፊዋ ደብዳቤውን አዘጋጅታ ለፊርማ አመጣችልኝ። «ሰባት ጊዜ» የሚል በእርሳስ ጠርዙ ላይ ተጽፎበታል። አልፈረምኩም። የፊርማ መዝገቡን አስመጣሁና ከዩኒት ሊደሯ ጋር ተቀምጠን ገጽ በገጽ አየነው።

እኛ ጋ መምህር የሚፈርመው እስከ ጠዋቱ 2፡00 ነው። ልክ 2፡00 ሲሆን ዩኒት ሊደሯ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር ቀይ መስመር ታሰምራለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 2፡10 ይጀምራል። ከመስመሩ በታች ያገኘነው ይህንን ነው፦ ጥቅምት 4 በ2፡18፣ ጥቅምት 7 በ2፡20፣ ጥቅምት 11 በ2፡25፣ ጥቅምት 20 በ2፡15፣ ጥቅምት 22 በ2፡35፣ ጥቅምት 25 በ2፡40፣ ኅዳር 2 በ2፡31። በእርግጥም ሰባት ነው።

ግን ጥቅምት 7 እና 22 ላይ እሱ ብቻ አልነበረም። ከእሱ በላይም በታችም የስድስት መምህራን ፊርማ ከቀዩ መስመር ሥር ነው። ሁሉም በሰርቪስ የሚመጡ ናቸው። ሰርቪሱ ቃሊቲ ላይ በከባድ መኪና መዘጋጋት ተይዞ ነው የዘገየው። ይህ የትምህርት ቤቱ ጥፋት እንጂ የመምህሩ አይደለም። ሁለቱን ስናወጣ አምስት ቀረ።

ይህን ልዩነት እንደ ቀላል አትዩት። ሰባት ብለን ብንጽፍ ኖሮ አንድ ጠዋት ቢያረፍድ «ስምንት ሞላ» ተብሎ ይሰናበት ነበር። ስንብቱም ሕገወጥ ይሆን ነበር። ሕገወጥ ስንብት ደግሞ ወይ ወደ ሥራ መመለስን ወይ ካሳ መክፈልን ያመጣል።

ቀኖቹን ስንደረድር ሌላም ነገር ታየ። ከአምስቱ አራቱ ሰኞ ናቸው። «በተደጋጋሚ» የሚለው ቃል ይህን ደብቆት ነበር። ጠርቼ «ቲቸር፣ ሰኞ ሰኞ ምን ገጠመህ?» አልኩት። እናቱ ቢሾፍቱ ታመዋል። ቅዳሜና እሑድን እሳቸው ጋ አድሮ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ለማንም አልተናገረም ነበር።

አዘንኩ። ደብዳቤው ግን አልቀረም። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሱ ነው። በአራቱ ሰኞዎች 7ኛ «ሀ» በድምሩ 74 ደቂቃ ያለ መምህር ተቀምጧል። ሌሎች መምህራንም እያዩ ነው። በጽሑፍ ሲጠይቅ ለአንድ ወር ሰኞ ሰኞ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲጀምር ፈቀድን፤ ከአማርኛ መምህሯ ጋር ክፍለ ጊዜ ተቀያየሩ። ፈቃዱ ለወደፊቱ ነው። ላለፉት አምስት ቀናት ግን የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

መፍትሄ፦ ደብዳቤው እንዲህ ይጻፍ

የላክንለት ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ስሙን አውጥቼዋለሁ።

> ቀን፦ ኅዳር 4/2017
>
> ለመምህር …
>
> ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት
>
> በትምህርት ቤታችን የሥራ ደንብ መሠረት መምህራን እስከ ጠዋቱ 2፡00 ተገኝተው መፈረም ይጠበቅባቸዋል። እርስዎ ጥቅምት 4 በ2፡18፣ ጥቅምት 11 በ2፡25፣ ጥቅምት 20 በ2፡15፣ ጥቅምት 25 በ2፡40 እና ኅዳር 2 በ2፡31 እንደገቡ ከፊርማ መዝገቡ ተረጋግጧል። ጥቅምት 7 እና 22 ሰርቪስ በመዘግየቱ ስለሆነ አልተቆጠሩም።
>
> ጥቅምት 12 ቀን 2017 በዩኒት ሊደርዎ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ስላረፈዱ ይህ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ድርጊቱ ከተደገመ በሥራ ደንቡ መሠረት ቀጣዩ እርምጃ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ቅሬታ ካለዎት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።
>
> ከሰላምታ ጋር

እዩት፣ «ግዴለሽ» የለም፣ «የሙያ ሥነ ምግባር የጎደለዎት» የለም። ቀንና ሰዓት ካለ ስድብ አያስፈልግም። ያልተቆጠሩት ሁለት ቀናት መጻፋቸውም ጠቅሞናል። መምህሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ይሄማ እውነት ነው» ብሎ ፈረመ።

ምልክት፦ ቀኑ ተጽፏል፣ መዝገቡ ግን አይደግፈውም

ሁሉም 1፡55 ላይ የገባ ይመስላል፤ ፊርማው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ፈርሟል ማለት ነው። ወይም መዝገቡ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውላል።

መዝገቡን አንድ ሰው ይያዘው። ቀዩ መስመር ልክ በሰዓቱ ይሰመር፤ ለወዳጅ ተብሎ አምስት ደቂቃ አይጠበቅ። ያረፈደው መምህር የገባበትን ሰዓት በራሱ እጅ ይጻፍ። በራሱ እጅ የጻፈውን 2፡25 በኋላ ሊክደው አይችልም። እባካችሁ መዝገቡን በኋላ ተቀምጣችሁ «አታስተካክሉት»። አንድ የተደለዘ መስመር ካለ ሌላውም ገጽ አይታመንም። ሥርዝ ካስፈለገ በአንድ መስመር ተሰርዞ ጎኑ ይፈረም እንጂ በነጭ ቀለም አይሸፈን።

ምልክት፦ «የቃል ማስጠንቀቂያ የሚባል አልደረሰኝም» ይላል

ኮሪደር ላይ «ኧረ ሰዓት አክብር እንጂ» ማለት የቃል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ቢሮ ጠርታችሁ ንገሩት፤ ቀኑን፣ የተባለውንና እሱ የመለሰውን ሦስት መስመር አድርጋችሁ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደንባችሁ የቃል ማስጠንቀቂያ ይቅደም ካለ፣ ይህ ወረቀት ከሌለ የጽሑፉን አትስጡ። ስትናደዱ ደረጃ ዘልላችሁ «የመጨረሻ» አትበሉ። የራሱን ደንብ የዘለለ ትምህርት ቤት መምህሩን በደንብ ጥሰት መክሰስ ይከብደዋል።

ምልክት፦ ደብዳቤው ማስጠንቀቂያም ነው፣ የደመወዝ ቅጣትም ነው

«…በማስጠንቀቅ የሁለት ቀን ደመወዝዎ እንዲቆረጥ» የሚል ተጨምሮበታል። ደመወዝ በዳይሬክተር ስሜት አይቆረጥም። ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ወርም ከደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ቅጣቱ ደንባችሁ ውስጥ ከሌለ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጡት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አልፈርምም ካለ፦ አትጨቃጨቁ፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት አንብባችሁለት «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም» ብላችሁ ምስክሮቹን አስፈርሙ።

ግልባጭ ሲበዛ፦ ለግል ማህደሩና ለሰው ሃብት ይበቃል። ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መላክ ሰውን ማዋረድ ነው፤ በፍጹም አታድርጉት።

መምህሩ የመንግሥት ከሆነ፦ የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው፤ 1156ን አትጥቀሱበት።

ስምንቱ ሞልቶ ዝም ካላችሁ፦ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰናችሁ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብታችሁ ያልፋል።

መምህሩ ከታረመ፦ በእኛ ደንብ ማስጠንቀቂያው ከስድስት ወር በኋላ አይጠቀስበትም። የሒሳብ መምህራችን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ያለ ፈቃድ ከቀዩ መስመር በታች አልፈረመም። ግንቦት ላይ ጠርቼ «ዘመኑ አልፏል» የሚል አጭር ደብዳቤ ሰጠሁት፤ አንዱ ቅጂ ማህደሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር ታስሯል።