ዋይፋዩ ፈጣን ነው፣ ቴሌቪዥኑ ግን ለምን ይቆማል?

አዲሱ ቤታችሁ ኢንተርኔት ገብቶ፣ ማታ ማታ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ክብ ምልክት መሽከርከር ካበዛ፣ ከፍ ያለ ጥቅል ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት።

እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ። ፍጥነቱን በዋይፋይ ስለካ 180 ሜጋ ቢት ያሳየኝ ነበር፤ የቀጥታ ጨዋታ ስከፍት ግን በየጊዜው ቀጥ ይላል። ኬብል ሰክቼ እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ ስለካ ያገኘሁት 94 ብቻ ነው። ገንዘቤን በከንቱ ያወጣሁ መሰለኝ። ጨዋታው ግን ከዚያ በኋላ ቆሞ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የብዙ ቴሌቪዥኖች የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ አያሳልፍም። ለ4ኬ ምስል ደግሞ 25 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ 94 አያንስም። ቪዲዮ የሚያቆመው ፍጥነቱ ለጥቂት ሰከንዶች ድንገት ሲወርድ ነው። አንድ የዋይፋይ ቻናል፣ ማለትም አንድ የሞገድ መስመር የሚጋሩ መሣሪያዎች ሁሉ ተራ እየጠበቁ ነው የሚልኩት፣ የጎረቤቶቻችሁም ጭምር። በአፓርታማ ሁሉም ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ወረፋው ይረዝማል። ፊልም ሲሆን ቴሌቪዥኑ አስቀድሞ ያጠራቀመው ስላለው ይሸፍነዋል፤ የቀጥታ ስርጭት ግን ስንቁ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ኬብል ስትገዙ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል በቂ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። በወርቅ የተለበጠ ምናምን እያሉ ለሚያስወድዱት አትክፈሉ። ርቀቱን በአየር ላይ ሳይሆን ግድግዳውን ተከትላችሁ ለኩ፣ ሁለት ሜትር ያህልም ጨምሩበት። በበር ሥር ማለፍ ካለበት ጠፍጣፋውን ምረጡ፤ የተከራያችሁትን ቤት ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም።

ራውተሩ ጀርባ ጎን ለጎን ከተደረደሩት አንድ ዓይነት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩት፤ ብቻውን ተለይቶ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ለሚመጣው መስመር ነው። ቀጭ እስኪል ግፉት። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ Settings፣ ቀጥሎ Network ገብታችሁ Wired የሚለውን ምረጡ። ይቺን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ካልነገሩት ኬብሉ ተሰክቶም በዋይፋይ ይቀጥላል። አልገናኝ ካለ የራውተሩን ቀዳዳ ቀይሩ፣ ካልሆነም ሌላ ኬብል ሞክሩ።

በኬብልም ሆኖ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ከዋይፋዩ አልነበረም። ፍጥነቱን በኬብል፣ ማታ ለክታችሁ ቁጥሩን ያዙና አቅራቢው ድርጅት ጋ ደውሉ። «ራውተሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉት» ቢሏችሁ በኬብል መለካታችሁን ንገሯቸው።