የጨዋታ አካውንትን በባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲጠብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን የከፈቱ ተጫዋቾችም አካውንታቸውን ያጣሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የማረጋገጫው ድክመት ሳይሆን በዙሪያው የሚፈጸም ስህተት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በተለይ ስቲምን መነሻ በማድረግ የቀረቡ ቢሆንም አብዛኞቹ በሌሎች የጨዋታ መድረኮች ላይም ይሠራሉ።

የመልሶ ማግኛ ኮዱን እዚያው ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውና ተጫዋቹን ከገዛ አካውንቱ ውጭ የሚያስቀረው ስህተት ይህ ነው። የስቲም አፕ ላይ ስቲም ጋርድ የተባለውን የስቲም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲያበሩ በ R ፊደል የሚጀምርና አምስት አሃዞች የሚከተሉት የመልሶ ማግኛ ኮድ ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስክሪንሹት አንሥቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ እንበል። ባለቤቱ በኮምፒውተሩ ወደ ስቲም ሊገባ ሲሞክር ስቲም በጠፋው ስልክ ላይ የሚታየውን ኮድ ይጠይቀዋል። ስክሪንሹቱ ጉግል ፎቶስ ላይ ተቀምጦ እንደሚሆን አስታውሶ ወደዚያ ሲሄድ ጉግልም በበኩሉ ማንነቱን በዚያው ስልክ ላይ እንዲያረጋግጥ ይጠይቀዋል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ኮድ እንዲላክለት ቢመርጥም ሲም ካርዱ ከስልኩ ጋር አብሮ ሄዷል። ሦስት የተለያዩ መውጫዎች ያሉት ይመስለው ነበር፤ ሦስቱም ግን በአንድ ዕቃ ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

ስለዚህ ኮዱን በእጅ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ቢቻል በሁለት ቅጂ አድርገው በተለያየ ቦታ ያኑሩት። ከጎኑ የየትኛው አካውንት እንደሆነና የተጻፈበትን ቀን ይመዝግቡ፤ የይለፍ ቃሉን ግን እዚያው ወረቀት ላይ አያስፍሩ፤ ሁለቱን በአንድነት ያገኘ ሰው ጥበቃውን አንሥቶ መግባት ይችላልና። ቀኑ የሚያስፈልገው ደግሞ ስቲም ጋርድን አጥፍተው እንደገና ካበሩት አዲስ ኮድ ስለሚሰጥዎትና የቀድሞው ዋጋ ስለሚያጣ ነው።

የጻፉት ኮድ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጡ መተውም ሌላ ጥፋት ነው፤ ነገር ግን አረጋግጡ ሲባል የስቲሙን ኮድ ለሙከራ አስገብተው አይጠቀሙበት። ይህ ኮድ የሚሠራው ማረጋገጫውን ከአካውንቱ ላይ በማንሣት ነው፤ ማረጋገጫውን ያነሣ ሰው ደግሞ የጨዋታ ዕቃ ከሌሎች ጋር ሲለዋወጥ ልውውጡ እስከ 15 ቀን ተይዞ ሊቆይበት ይችላል። የሚሻለው በአፑ ውስጥ የመልሶ ማግኛ ኮዱን ከፍቶ ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር ማመሳከር ነው። የጉግል መጠባበቂያ ኮዶች ጠባይ ከዚህ ይለያል። እነዚህ በአንድ ጊዜ አሥር ሆነው የሚሰጡ፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ ያላቸውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ስለዚህ ስልኩ በእጅዎ ሳለ አንዱን በሌላ ብራውዘር ላይ ሞክሮ መሰረዝ ጉዳት የለውም። አዲስ ስብስብ ካወጡ አሮጌዎቹ በሙሉ እንደሚሻሩ ግን አይዘንጉ።

ኢሜይሉን ያለ ጥበቃ መተው

የጨዋታ አካውንቱን ቆልፎ የተመዘገበበትን ኢሜይል በአንድ የይለፍ ቃል ብቻ መተው የተለመደ ነው። የይለፍ ቃል መቀየሪያው መልእክት የሚደርሰው በኢሜይሉ ነው። በተለይ የመግቢያ ኮድዎ በኢሜይል የሚላክልዎት ከሆነ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሁለቱንም ደረጃ ይዟል፤ ሁለት ደረጃ የሚባለውም በስም ብቻ ይቀራል። ስለሆነም ቅድሚያ መስጠት ያለብዎት ለኢሜይሉ ነው። በዚያውም ወደማያውቁት አድራሻ መልእክት የሚያስተላልፍ ትእዛዝ በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ እንዳልገባ ይመልከቱ፤ ሰርጎ የገባ ሰው የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም መልእክቶችዎን ማንበቡን የሚቀጥለው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ኮዱ የሚጻፍበትን ገጽ አለመመርመር

በስቲም አፕ ላይ የሚታየው ባለአምስት ፊደልና ቁጥር ኮድ በየ30 ሴኮንዱ ይቀየራል። ይህ ዕድሜ አጭር ስለሆነ ሌባ ሊጠቀምበት አይችልም ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እምነቱ ግን ስሕተት ነው። ኮዱ የት ገጽ ላይ እንደተጻፈ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሐሰተኛው ገጽ ፕሮግራም እርስዎ የጻፉትን የይለፍ ቃልና ኮድ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ወደ እውነተኛው ስቲም ያስገባዋል፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያውቁት ሰው የመጣ «ለቡድናችን ድምፅ ስጥልን» የሚል መልእክት ነው፤ የላኪው አካውንት አስቀድሞ ተወስዷል ማለት ነው። ሊንኩን ሲከፍቱ በስቲም ግቡ የሚል ቁልፍ ይመጣል፤ ሲጫኑት የአድራሻ መስመሩ ላይ ትክክለኛው የስቲም አድራሻ የሚነበብበት ትንሽ መስኮት ይከፈታል። መስኮቱ ግን በገጹ ውስጥ የተሣለ እንጂ እውነተኛ መስኮት ላይሆን ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ለመለየት መስኮቱን በመዳፊት ይዘው ከብራውዘሩ ጠርዝ ውጭ ለመጎተት ይሞክሩ፤ የተሣለ ከሆነ ከጠርዙ አያልፍም። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ካለዎትና እንደ ወትሮው በራሱ ካልሞላልዎት፣ ይህም የገጹ አድራሻ የተለየ መሆኑን የሚናገር ምልክት ስለሆነ የይለፍ ቃሉን በእጅዎ ገልብጠው አያስገቡ። በስልክ የሚቃኘው የኪውአር ኮድም ከዚህ አያድንም፤ ሐሰተኛው ገጽ እውነተኛውን የኪውአር ኮድ ከስቲም ወስዶ ሊያሳይዎት ይችላልና።

የይለፍ ቃል በመቀየር ብቻ መርካት

ሰርጎ ገብ መኖሩን ካወቁ በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጎጂ ፕሮግራም ጭነው ከነበረ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይጀምሩ፤ አለበለዚያ አዲሱም የይለፍ ቃል ይወሰዳል። በመጀመሪያ የኢሜይሉን፣ ቀጥሎ የስቲሙን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ከዚያም ከስቲም ጋርድ ቅንብር አካውንቱን ከሁሉም መሣሪያዎች ላይ ያስወጡ። ሌባው የያዘው የመግቢያ ፈቃድ ፋይል ሊሆን ስለሚችልና እንዲህ ያለ ፈቃድ ኮድም ሆነ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ስለሚያስገባ፣ ይህ እርምጃ የሚዘለል አይደለም።

ብዙዎች የማያዩት ቦታ ግን steamcommunity.com/dev/apikey ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሌላ ፕሮግራም በእርስዎ አካውንት እንዲሠራ የሚፈቅድ፣ እርስዎ ያልፈጠሩት ቁልፍ ተመዝግቦ ካገኙ ወዲያውኑ ይሻሩት። ይህን ቁልፍ የያዘ ፕሮግራም የልውውጥ ጥያቄዎችዎን ይከታተላል፤ ለጓደኛዎ ዕቃ ሲልኩ ጥያቄውን ሰርዞ በጓደኛዎ ስምና ፎቶ ከተሠራ አካውንት ጋር ተመሳሳይ ልውውጥ ያቀርባል፤ እርስዎም ያው የመጀመሪያው ነው ብለው በስልክዎ ያጸድቁታል። ምልክቱ ያልሰረዙት ልውውጥ ተሰርዞ ማየትዎ ነው። ስለዚህ ከማጽደቅዎ በፊት የተቀባዩን የስቲም ደረጃና ስቲምን የተቀላቀለበትን ጊዜ ይመልከቱ፤ ስምና ፎቶ በቀላሉ ይገለበጣሉ፤ እነዚህ ግን በቀላሉ አይገለበጡም።

አሮጌውን ስልክ ቀድሞ ማጥፋት

ስልክ ሲቀይሩ ማረጋገጫው ወደ አዲሱ መዛወሩን ሳያዩ አሮጌውን አይሽጡ፣ ውስጡንም አያጽዱ። በአዲሱ ስልክ አፑን ጭነው ማረጋገጫውን ያዛውሩ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ላይ ከስቲም ወጥተው በአዲሱ ስልክ ኮድ ተመልሰው ይግቡ። በአዲሱ አፕ ላይ የሚታየውን የመልሶ ማግኛ ኮድ ከወረቀትዎ ጋር አመሳክረው፣ የተለየ ሆኖ ካገኙት ሁለቱንም ቅጂዎች ካስተካከሉ በኋላ አሮጌውን ስልክ ማጽዳት ይችላሉ።