ስለ ቼዝ ቴብልቤዝ ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ንጉሦች ጨምሮ ሰባት ጠጠር ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ጨዋታው ተፈቷል። ትክክለኛው ውጤት ቴብልቤዝ በሚባል ሠንጠረዥ ተመዝግቦ ይታወቃል፦ ማሸነፍ፣ አቻ ወይም መሸነፍ። ከ32 ጠጠር ሲጀመር ግን ማንም አያውቅም። ለምን እንደሆነ ሲወራ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ።

ቴብልቤዝን እንደ ጎበዝ ኢንጂን ማየት። ኢንጂን ማለት እንደ ስቶክፊሽ ያለ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ነው፤ ካለበት ቦታ ተነስቶ ወደ ፊት ያሰላል። የሚሰጠው ቁጥር በጣም ጥሩ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው። ቴብልቤዝ አይገምትም። መልሱ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው፤ የተሠራውም ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ እየተሄደ ነው።

ንጉሥና ሩክ በባዶ ንጉሥ ላይ ያለበትን ጨዋታ እንውሰድ። ሦስቱን ጠጠሮች በሰሌዳው ላይ የማስቀመጫ መንገዶች፣ ተራው የማን እንደሆነ ጭምር ቢቆጠር፣ ግማሽ ሚሊዮን አይሞሉም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ቼክሜት የሆኑትን ብቻ ይለያል። ለምሳሌ ነጭ ንጉሥ g6፣ ሩክ f8፣ ጥቁር ንጉሥ h8። አለቀ። አሁን አንድ ርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። ሩኩ ከf1 መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሩኩ f1 ላይ፣ ጥቁር ንጉሥ h8 ላይ ሆነው ተራው የነጭ ከሆነ «በአንድ ርምጃ ያሸንፋል» ተብሎ ይጻፋል። አሁንም ወደ ኋላ። ጥቁር ንጉሥ g8 ላይ ነበር፤ ተራውም የሱ ነበር። f8ን ሩኩ ዘግቶታል፤ f7ን፣ g7ንና h7ን የነጭ ንጉሥ ይጠብቃቸዋል። የቀረው h8 ብቻ ነው። ስለዚህ ይህም «ተሸናፊ» ይባላል።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ነጭ አሸናፊ ለመባል አንድ ጥሩ ርምጃ ይበቃዋል። ጥቁር ተሸናፊ ለመባል ግን ያሉት ርምጃዎች በሙሉ ወደ ሽንፈት መውሰድ አለባቸው፤ አንድ ማምለጫ ካለችው ምልክቱ አይጻፍም። ይህ ዙር ሲደጋገም አዲስ የሚጻፍ ነገር የሚያጣበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ምልክት ሳያገኙ የቀሩት ሁሉ አቻ ናቸው። በዚህ ጨዋታ ነጭ ተራው ከሆነና ማሸነፍ ከቻለ ቢበዛ 16 ርምጃ ይበቃዋል። ይህ ማረጋገጫ እንጂ አስተያየት አይደለም።

«ኮምፒውተር ሲፈጥን ይደረስበታል» ማለት። ችግሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ጠጠር ሲበላ ጨዋታው ወደ ትንሹ ሠንጠረዥ ይወርዳል። ስለዚህ የስምንት ጠጠሩን ለመሥራት መጀመሪያ የሰባቱ ማለቅ አለበት፤ ለዘጠኙም የስምንቱ። የጨዋታው መነሻ ደግሞ 32 ጠጠር አለው፤ በዚህ መንገድ የሚደረስበት ከሁሉም በኋላ ነው። መሃል ላይ ዘሎ መግባት የለም።

የመጠኑ ነገርም ያስደነግጣል። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ሲዚጂ የሚባለው ሠንጠረዥ እስከ አምስት ጠጠር አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ስድስት ሲሆን 150 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጠናቀቀው የሰባቱ ወደ 18 ቴራባይት ነው። አንድ ጠጠር በተጨመረ ቁጥር ከመቶ እጥፍ በላይ ያድጋል። የሰባቱ 423 ትሪሊዮን ገደማ ቦታዎችን፣ ማለትም የጠጠር አቀማመጦችን፣ ይዟል። በቼዝ ውስጥ ሊፈጠሩ የሚችሉት ቦታዎች ግን ወደ 10⁴⁴ ይጠጋሉ። ይህን የሚይዝ ዲስክ የትም አይገኝም።

«ዳማ ተፈቷል፤ ቼዝም ይከተላል» ማለት። በ64 ቤት የሚጫወቱት የእንግሊዝ ዳማ እ.ኤ.አ. በ2007 መፈታቱ እውነት ነው፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ ነው። ግን ሁሉም ቦታ አልተመዘገበም። የፈቱት ተመራማሪዎች እነ ጆናታን ሼፈር እስከ አሥር ጠጠር ያለውን ከኋላ ሠሩ። ከዚያ ከመነሻው ወደ ፊት እያሰሉ ከዚያ ሠንጠረዥ ጋር አገናኙት። ይህ ዘዴ ብልህ ነው፤ ለቼዝም ቢሆን ሁሉን መመዝገብ ግዴታ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን የዳማው ቦታዎች ብዛት 5 × 10²⁰ ገደማ ነው፤ መብላትም ግዴታ ስለሆነ ጠጠር ቶሎ ያልቃል። በቼዝ ከ32 ተነስቶ ሰባት ላይ እስኪደረስ ያለው ርቀት እንዲህ አይታለፍም።

«ያሸንፋል» የሚለውን በውድድርም ያሸንፋል ብሎ መውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርክ ቡርዙትሽኪ እና ያኮቭ ኮኖቫል ንግሥትና ፈረስ በሩክ፣ በቢሾፕና በፈረስ ላይ ወሳኙን ጠጠር ለመብላት ብቻ 517 ርምጃ የሚፈጅ ድል ያለው ቦታ አገኙ። ወታደር የለም፤ ለዚያን ያህል ርምጃም ምንም አይበላም። በውድድር ግን ያለ መብላትና ያለ ወታደር ርምጃ ሁለቱም 50፣ 50 ከተጫወቱ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ሲዚጂ ይህን ሕግ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ድል ለብቻው ይለየዋል። ናሊሞቭ የሚባለው የቆየ ቴብልቤዝ ግን ሕጉን አይቆጥረውም። ስለዚህ አንድ ሰው «ቴብልቤዙ ያሸንፋል ይላል» ሲላችሁ የትኛው ቴብልቤዝ እንደሆነ ጠይቁት።